«አማካሪ ይሁኑኝ»፦ ስለ ወተት ላሞች የተጻፈ የአንድ ተማሪ ደብዳቤ

«የተከበሩ ዶክተር፣ እኔ የእንስሳት ሳይንስ 4ኛ ዓመት ተማሪ ስሆን የመመረቂያ ጽሑፌን በወተት ከብት እርባታ ላይ መሥራት ስለምፈልግ አማካሪ እንዲሆኑኝ በታላቅ ትህትና እጠይቃለሁ።»

ደብዳቤው እዚህ ያበቃል። በመምህርነት ዘመኔ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ እጄ ገብቷል። ጸሐፊው ጨዋ ነው፣ ፍላጎቱም እውነተኛ ነው። ግን መምህሩ ምን ብሎ ይመልስ? «በወተት ከብት እርባታ ላይ» ማለት ከመኖ ጀምሮ እስከ አይብ፣ ከጥጃ ሞት እስከ ወተት ዋጋ ድረስ ያለው ሁሉ ነው። ተማሪው ምን እንደሚለካ፣ የት እንደሚለካ፣ በስንት ጊዜ እንደሚጨርስ አልተናገረም። «እሺ» የሚል መምህር ምን እንደተቀበለ አያውቅም፤ «አልችልም» የሚልም ምን እንደከለከለ አያውቅም።

እዚህ ላይ የምተርከው ተማሪና የሚጽፈው ደብዳቤ ከብዙ ተማሪዎች ተውጣጥቶ የተቀናበረ ነው፤ የአንድ የተወሰነ ሰው ታሪክ አይደለም። ቦታውን ደብረ ብርሃን አድርጌዋለሁ። ደጋ ነው፣ ከፈረንጅ ዝርያ ጋር የተዳቀሉ ላሞችን በግቢው የሚያረባ ሰው አለ፣ ወተት ሻጭና ወተት ሰብሳቢም አይጠፋም።

የመጀመሪያው ደብዳቤ ሳይሳካ ሲቀር ተማሪው ርዕስ ጨምሮበት ተመለሰ፦ «በደብረ ብርሃንና አካባቢዋ የወተት ከብት እርባታ ሁኔታና ማነቆዎች ግምገማ»። ይህን ርዕስ የቦታውን ስም ብቻ እየቀየረ ያልጻፈ የእንስሳት ሳይንስ ተማሪ ጥቂት ነው። ሥራውም የታወቀ ነው። ስድስት ገጽ መጠይቅ ይዘጋጃል፣ በየቤቱ ይዞራል፣ «ላምዎ በቀን ስንት ሊትር ትሰጣለች?» ተብሎ ይጠየቃል። ባለቤቷ በልምድ ትመልሳለች፤ ወተቱን በሊትር የለካው ግን የለም። «ዋናው ችግርዎ ምንድን ነው?» ሲባል «መኖ ተወደደ፣ ቦታ ጠበበ» የሚል መልስ ይመጣል። እውነት ነው፤ ግን ይህን ለማወቅ ከመኝታ ክፍል መውጣት አያስፈልግም ነበር።

ከዚህም የባሰ አለ። ተማሪው በዚያው ወረቀት ላሞቹ በሁለት ወሊድ መካከል ስንት ጊዜ እንደሚቆዩ አጠናለሁ ብሏል። አንዲት ላም ወልዳ እንደገና እስክትወልድ ቢፈጥን አንድ ዓመት ገደማ ይፈጃል። የእሱ ጊዜ አራት ወር ነው። በዓይኑ ሊያየው ስለማይችል ከመዝገብ መቅዳት ይኖርበታል፤ በብዙ ግቢ ደግሞ መዝገቡ ያለው በባለቤቷ ራስ ውስጥ ነው። «ይቺ ጥጃ የተወለደችው ለጥምቀት ሰሞን ነበር» የሚለው መልስ ደግ መልስ ነው፤ ግን የሁለት ሳምንት ስህተት ሊሸከም ይችላል።

መምህሩ ይህን ሁለተኛ ደብዳቤ ሲመልሱለት አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት፤ ለሁለት ሳምንት ከሰው ሰራሽ ማዳቀል ባለሙያ ኋላ እየተከተልክ ተመልከትና ያየኸውን ጻፍልኝ አሉት።

ተማሪው ያየውን ለመረዳት አንባቢ ስለ ላም ጥቂት ነገር ማወቅ አለበት። ያላረገዘች ላም በ21 ቀን አንዴ ገደማ ኮርማ ትፈልጋለች፤ አንዷ በ18፣ ሌላዋ በ24 ቀን ልትመለስ ትችላለች። ፍላጎቱ የሚቆየው ከግማሽ ቀን እስከ አሥራ ስምንት ሰዓት ቢሆን ነው። ሌላ ከብት ሲወጣባት ሳትሸሽ ጸጥ ብላ መቆሟ ከሁሉ የታመነው ምልክት ነው። ጋጣ ውስጥ ለብቻዋ ታስራ የምትውል የከተማ ላም ግን የሚወጣባት የለም። ስለዚህ ትጮኻለች፣ ትቁነጠነጣለች፣ ወተቷ ይቀንሳል፣ እንደ እንቁላል ነጭ የጠራ ዝልግልግ ፈሳሽ ከኋላዋ ይንጠለጠላል። እንቁላሏ የሚለቀቀው ፍላጎቱ ካበቃ በኋላ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ቆይቶ ነው፤ ከተለቀቀም በኋላ ዕድሜው የሰዓታት ጉዳይ ነው። የኮርማው ዘር ደግሞ ከእንቁላሉ ቀድሞ ገብቶ ጥቂት ሰዓት መቆየት ይፈልጋል። የማዳቀል ባለሙያዎች ደንብ የመጣው ከዚህ ነው። ጠዋት የታየች ላም ከሰዓት በኋላ ትዳቀላለች፤ ማታ የታየች በማግስቱ ጠዋት። ቀኑን ሙሉ የዘገየ ሰው የሚደርሰው እንቁላሉ ካበቃለት በኋላ ነው።

በክትትሉ በአምስተኛው ቀን፣ ሰኞ፣ ተማሪውና ባለሙያው አራት ዲቃላ ላሞች ወዳሏቸው አንዲት እናት ግቢ ገቡ። ሰዓቱ ከቀኑ 10 ነበር። ባለሙያው ናይትሮጅን የያዘውን ዕቃ በር ላይ አስቀምጦ ወደ ላሟ ኋላ ሄደ።

«መቼ ነው ያዩባት እትዬ?»

«ኧረ ቅዳሜ ማታ ስትጮህ አደረች፣ ልጄ። እሁድ አትሠሩም ብዬ ነው ዛሬ የደወልኩት።»

ባለሙያው ጅራቷን ገለጥ አደረገ። ከጭራዋ ፀጉር ላይ የደረቀ ደም አለ፤ ጥቂት፣ እንደ ክር። ሴትዮዋ ደሙን ስታይ ገና መጀመሯ መስሏቸው ነበር። ነገሩ ግን በተቃራኒው ነው። ይህ ደም በብዙ ላሞች ላይ የሚታየው ፍላጎቱ ካለፈ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ውስጥ ነው፤ ማርገዟንም አለማርገዟንም አይናገርም፤ የሚናገረው ጊዜው ማለፉን ብቻ ነው። ባለሙያው ዕቃውን ሳይከፍት «አልፏታል፤ የዛሬ 19 ቀን ገደማ ይጠብቋት» ብሎ ቀኑን በግድግዳው ላይ በከሰል ጻፈላቸው።

ተማሪው ከግቢው ሲወጣ በጣቱ ቆጠረ። ከሰኞ 19 ቀን ሲቆጠር ቅዳሜ ይውላል። ቅዳሜ ማታ የጀመራት ላም 21 ቀን ሲሞላት ያው ቅዳሜ ነው፤ 21 ቀን ሦስት ሙሉ ሳምንት ነውና። በዕረፍት ቀን የምትፈልግ ላም ሁለትና ሦስት ቀን ካልቀደመች ወይም ካልዘገየች በቀር የምትመለሰው በዕረፍት ቀን ነው። የማዳቀል አገልግሎት በቅዳሜና እሁድ በማይገኝበት ቦታ ያቺው ላም ደጋግማ ልታመልጥ ትችላለች ማለት ነው፤ ባለቤቷም «መካን ናት» ብላ ልትሸጣት ትችላለች። ይህን ስጽፍ ልቤ የሚነካው እዚህ ላይ ነው፤ ጤነኛ ላም በቀን መቁጠሪያ ምክንያት ወደ ቄራ ስትነዳ።

ያመለጠው ጊዜ ዋጋው ስንት ነው? መስከረም 1 ቀን የወለደች ላም እናስብ። ማህፀኗ እስኪያገግም ሁለት ወር ተሰጣት፤ ኅዳር 1 ቀን ኮርማ ፈለገች፣ ተዳቀለች፣ አረገዘች። የላም እርግዝና 280 ቀን ገደማ ነውና ነሐሴ 11 ትወልዳለች፤ ዓመት ሳይሞላ ማለት ነው። አሁን ያቺው ላም ኅዳር 1፣ ኅዳር 22 እና ታኅሣሥ 13 አምልጧት ጥር 4 ብታረግዝ፣ የምትወልደው በሚቀጥለው ዓመት ጥቅምት 9 ቀን ነው። ልዩነቱ 63 ቀን ነው። በእነዚያ 63 ቀናት ድርቆሹንና ፉሩሽካውን ትበላለች፤ ወተቷ ግን በመጨረሻው አካባቢ ወይ እየነጠፈ ወይ ነጥፎ ነው። አዲሱ ወተትና ጥጃው በሁለት ወር ዘግይተው ይመጣሉ።

ሁለተኛው ሳምንት ሲያልቅ ተማሪው ሦስተኛውን ደብዳቤ ጻፈ፦

«የተከበሩ ዶክተር፣

ጉዳዩ፦ የመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪ እንዲሆኑኝ ስለመጠየቅ

እንዳዘዙኝ ለሁለት ሳምንት ከማዳቀል ባለሙያው ጋር ዞሬያለሁ። በእነዚህ ቀናት 19 ጥሪ መጥቷል። ከነዚህ በአምስቱ ባለቤቶቹ ምልክቱን ያዩት ከቅዳሜ ከሰዓት እስከ እሁድ ማታ ባለው ጊዜ ነው። ከአምስቱ በአንዷም ላይ ባለሙያው በ24 ሰዓት ውስጥ አልደረሰም።

ማጥናት የምፈልገው ጥያቄ አንድ ነው፤ ባለቤት ምልክቱን ካየበት ሰዓት እስከ ማዳቀል ስንት ሰዓት ያልፋል፣ ጊዜውስ የሚባክነው በየትኛው ደረጃ ላይ ነው? ሳይታይ ነው፣ ታይቶ ሳይደወል ነው፣ ወይስ ተደውሎ ባለሙያ ሳይመጣ?

ለስምንት ሳምንት ከሁለት ባለሙያዎች ጋር እሠራለሁ፤ ወደ 75 ጥሪ እንደማገኝ እገምታለሁ። በእያንዳንዱ ጥሪ ማን እንዳየ፣ ምን ምልክት እንዳየ፣ መቼ እንዳየ፣ መቼ እንደደወለና ባለሙያው መቼ እንደደረሰ እመዘግባለሁ። የተደወለበትን ሰዓት ከባለቤቱ ስልክ ላይ በፈቃዱ አያለሁ።

ላሞቹ ማርገዝ አለማርገዛቸውን የጥናቱ አካል አላደረግሁም። በእጅ ምርመራ ለማረጋገጥ ከተዳቀሉ በኋላ ቢያንስ ሁለት ወር መጠበቅ ያስፈልጋል፤ የእኔ ጊዜ አይበቃም። ከዚህም በላይ ላም የማታረግዘው በሰዓት ስህተት ብቻ ስላልሆነ፣ በ75 ላም ምክንያቱን ለይቼ አሳያለሁ ማለት አልችልም።

ከእርስዎ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ሥራ ከመጀመሬ በፊት ያያያዝኩትን አንድ ገጽ ቅጽ እንዲያዩልኝ፣ በሦስተኛው ሳምንት የሰበሰብኩትን እንዲመለከቱልኝ፣ ረቂቁን አንድ ጊዜ እንዲያነቡልኝ። ጊዜ ባይኖርዎት በእንስሳት ሥነ ተዋልዶ ላይ የሚሠራ ሌላ መምህር ቢጠቁሙኝ አመሰግናለሁ። የትምህርት ክፍሉ የአማካሪ ምደባ የሚዘጋው ኅዳር 15 ነው።»

ይህ ደብዳቤ ከመጀመሪያው የሚረዝመው በአንድ ገጽ ብቻ ነው። ግን መምህሩ ሲያነቡት ምን እንደተጠየቁ ያውቃሉ፤ ሦስት ቀጠሮ ነው። ተማሪው ምን እንደማይሠራም ያውቃሉ። እኔ በተለይ የምወደው አራተኛውን አንቀጽ ነው። ብዙ ተማሪ «ይህን አልችልም» ብሎ መጻፍ ድክመት ይመስለዋል። የተማሪውን ሥራ ከመፍረስ የሚያድነው ግን ይኸው አንቀጽ ነው። እርግዝናን ልለካ ብሎ ቢገባ ኖሮ የላሟ ክሳት፣ የባለሙያው እጅ፣ ዘሩ የቀለጠበት ውኃ ሙቀት፣ ሁሉም ይገቡበት ነበር። ዘሩ በናይትሮጅን ውስጥ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ ቀዝቅዞ የተቀመጠ ነው፤ 35 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ውኃ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ሳይሆን በብብት ወይም በእጅ ካቀለጡት ሰዓቱ ቢጠበቅም ላሟ ላታረግዝ ትችላለች። ይህን ሁሉ መለየት የአንድ ሴሚስተር ሥራ አይደለም።

ስልኩን አያለሁ ማለቱም ትልቅ ነገር ነው። ሰው «መቼ ደወሉ?» ሲባል ወደ ራሱ የሚያደላ መልስ መስጠቱ ተፈጥሮ ነው፤ ባለቤት «ወዲያው ደወልኩ» ይላል፣ ባለሙያ «ወዲያው መጣሁ» ይላል። ስልክ ግን የደወሉበትን ደቂቃ ይዟል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ብዙ ስልክ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው። 13፡20 የሚለው በእኛ ከቀኑ 7 ሰዓት ከ20 ነው። ባለቤቷ «ጠዋት 2 ሰዓት አየኋት» ብትልና ተማሪው የስልኩን 8፡00 ሳይቀይር ቢጽፍ፣ በወረቀቱ ላይ ስድስት ሰዓት ያለፈ ይመስላል፤ ሴትዮዋ ግን የደወለችው በዚያው ደቂቃ ነበር። የሰዓት ጥናት የሚበላሸው በእንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ነው። መድኃኒቱ ቅጹ ላይ ሁለቱንም ሰዓት ጎን ለጎን መጻፍ ነው።

«መቼ አዩ?» ለሚለው ግን ምስክር የለም። ጥሩ ጠያቂ ሰዓት አይጠይቅም፤ ሥራ ይጠይቃል። «የጠዋቱ ወተት ሲታለብ ነበር ወይስ በኋላ? ልጆቹ ትምህርት ቤት ከመሄዳቸው በፊት?» ሰው ሰዓቱን ቢረሳ እጁ ላይ የነበረውን ሥራ አይረሳም። የፈሳሹ ሁኔታም ያግዛል። የጠራና የሚንጠለጠል ከሆነ «ዛሬ ጠዋት» የሚለው መልስ ይታመናል፤ ደም ከታየ ግን ባለቤቱ የፈለገውን ቢል ጊዜው አልፏል።

መምህሩ በሦስተኛው ቀን መለሱ። አማካሪ ለመሆን ተስማምተዋል፤ ቅጹ ላይ ግን በቀይ ብዕር ያሰመሩበት ነገር ነበር። ሐሳባቸው ይህ ነው፦ አንተ የምትቆጥረው የተደወለበትን ነው። ቅዳሜ ማታ ላሟ ስትጮህ ሰምቶ «እሁድ የሚመጣ የለም» ብሎ ጭራሽ ያልደወለ ሰው በመዝገብህ ላይ አይገኝም። ያቺ ላም የለችም ማለት ነው። የዕረፍት ቀን ችግር ትልቅ በሆነ ቁጥር የሚደውለው ሰው ያንሳል፤ ስለዚህ ችግሩ በከፋ መጠን በወረቀትህ ላይ ያነሰ ይመስላል።

ተማሪው ይህን አላሰበውም ነበር። በሁለት ሳምንቱ ያገኛቸው አምስት የዕረፍት ቀን ጥሪዎች የዘገዩትን ብቻ ነው የሚያሳዩት፤ የተተዉትን አያሳዩም። መምህሩ ያቀረቡት መፍትሔ ቀላል ነው። ከባለሙያው ጋር ከመዞር ሌላ፣ ሃያ ግቢ መርጦ ጥሪ ኖረም አልኖረም ሰኞ ሰኞ ጠዋት እየዞረ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ከዓርብ ወዲህ ኮርማ የፈለገች ላም ነበረች? ነበረች ከተባለ፣ ተደወለ ወይስ አልተደወለም? ካልተደወለስ ለምን? ላሟ ስትጮህ የሚሰማው ማን እንደሆነም ይጠይቃል፤ ብዙ ላሞች ምልክቱን የሚያሳዩት በሌሊት ነውና፣ ጋጣው አጠገብ የሚያድረው ተቀጣሪ ከሆነና ለባለቤቷ የሚነግረው ጠዋት ከሆነ፣ ሌሊቱ ሙሉ ሳይቆጠር ያልፋል።

ለስምንት ሳምንት ሃያ ግቢ በእግር መዞር ለአንድ ተማሪ ቀላል አይደለም። ግቢዎቹን በአንድ ቀበሌ ውስጥ ሰበሰበ፣ ከወረዳው የእንስሳት ጽሕፈት ቤት የትብብር ደብዳቤ ያዘ፣ በየቤቱ ፈቃድ ጠየቀ። ከዚያ ቅጹን እንደገና ሠራው። «የተደወለበት ሰዓት» ከሚለው ዓምድ አጠገብ አዲስ ዓምድ ገባ፤ ርዕሱም «ያልተደወለበት ምክንያት» ነው። በመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያውን ግቢ በር ሲያንኳኳ ያ ዓምድ ገና ባዶ ነበር።